ስድስቱ ባዶ ሳጥኖች፦ በዕድሜ ለሚበልጡን የሥራ ባልደረባ በኢሜይል ስለሚጻፍ አስተያየት

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና አዘጋጅ ድርጅት የመጋዘን ክፍል ኃላፊ ነኝ። በእኔ ሥር ያሉት የርክክብ ሠራተኛ በዕድሜ በጣም ይበልጡኛል፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቡና ያውቃሉ፤ ባለፈው ወር የተደባለቀ ጭነት የለዩት እሳቸው ናቸው። ሆኖም በጥር ከተረከቧቸው 41 ጭነቶች በ6ቱ ላይ የእርጥበት ልኬት አልመዘገቡም፤ አንዱ በኋላ ሲለካ 13.5 በመቶ ሆኖ ተገኘና እንደገና ፀሐይ ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ በቃል ነግሬአቸው ነበር። አሁን ያዘጋጀሁት ኢሜይል እንዲህ ይላል፦ ‹በተደጋጋሚ ቢነገርዎትም ሥራዎን በግዴለሽነት እያከናወኑ መሆኑ ተስተውሏል። ይህ ጉድለት በአስቸኳይ እንዲስተካከል በጥብቅ እናሳስባለን።› ለሥራ አስኪያጁና ለሰው ኃይል ክፍሉም ግልባጭ አድርጌአለሁ። መላክ ግን ፈራሁ። ሳላዋርዳቸው፣ ነገሩንም ሳላድበሰብስ እንዴት ልጻፍ?»

ምላሽ፦

ረቂቁን አይላኩት። ለእኔ የጻፉልኝንና ለእሳቸው ያዘጋጁትን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያነቡ ምክንያቱ ወዲያው ይታይዎታል። ጨርሶ ለማላውቅዎ ለእኔ ስንት ጭነት እንደተረከቡ፣ በስንቱ ላይ ልኬቱ እንደጎደለ፣ ከዚያም ምን እንደተከተለ ነግረውኛል። ሥራውን እንዲያስተካክሉ ለሚፈልጓቸው ሰው ባዘጋጁት ደብዳቤ ውስጥ ግን አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀን፣ «እርጥበት» የሚለው ቃል እንኳ የለም። እሳቸው ይህን ኢሜይል ሲከፍቱ ስለ የትኛው ሥራ እንደሚናገር ለማወቅ መገመት አለባቸው፤ የሚገምት ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ከእውነታው የከፋውን ነው።

በረቂቁ ውስጥ ያሉት አራት ቃላት የየራሳቸውን ጉዳት ያደርሳሉ። «በተደጋጋሚ» የሚለው በራስዎ አነጋገር እውነት አይደለም፤ የነገሯቸው አንድ ጊዜ ነው። አንባቢው ይህን ስሕተት ካገኘ ሙግቱ ስለ እርጥበት ልኬቱ መሆኑ ቀርቶ ስንት ጊዜ እንደተነገራቸው ይሆናል፤ በዚያ ሙግት ደግሞ ልክ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። «ግዴለሽነት» በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ባዶ ሳጥን ይታያል፣ ግዴለሽነት ግን እርስዎ ከባዶው ሳጥን ተነሥተው ስለ ሰውየው ልብ የደረሱበት ድምዳሜ ነው፤ ምናልባትም የተሳሳተ ድምዳሜ። «ተስተውሏል» ሲሉ ያስተዋለው ማን እንደሆነ ተሰውሯል፤ አንባቢው አንድ ሰው ከኋላው ሲያወራበት እንደነበር ይጠረጥራል። «እናሳስባለን» ደግሞ ብቻዎን ቆመው የሚናገሩትን ነገር መላው ድርጅት ተሰብስቦ የተናገረው ያስመስለዋል። ይህ ሁሉ የእርስዎ ክፋት አይደለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የደብዳቤ አጻጻፍ የወረስነው ልማድ ነው፤ ልማዱ የተበጀው መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ለሚላከው ጽሑፍ ሲሆን በየቀኑ አብሮን ሻይ ለሚጠጣ ሰው ስንጠቀምበት ቀዝቃዛና ጨካኝ ይሆናል።

በወጣትነቴ ከአንድ አለቃዬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ ያውቃል። በውስጡ የነበረውን «ዝርክርክ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ዝርክርክ ያስባለኝ ሥራ የትኛው እንደነበር ግን ያኔም አላወቅሁም፣ አሁንም አላውቅም። ስለዚህ ያረምኩት አንድም ነገር አልነበረም።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ሥራ አስተያየት እስከዚያ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ አስተያየት መስጠት በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሲሶ በሚበልጡት ሁኔታዎች ግን እንዲያውም አባብሶት አግኝተዋል። ማብራሪያቸውም የአንባቢው ሐሳብ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ራሱ ማንነት በዞረ መጠን አስተያየቱ ጥቅሙን እያጣ ይሄዳል የሚል ነው። ጋሼ «ግዴለሽ» የሚለውን ካነበቡ በኋላ የሚያስቡት ስለ መለኪያው ሳይሆን ስለ ክብራቸው ነው። ኢሜይል ይህን ያባብሰዋል፤ እርስዎ ሲጽፉት በጆሮዎ የሚሰማዎት የድምፅዎ ለስላሳነት ከጽሑፉ ጋር አብሮ አይላክም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። አንድ ቃል ከመጻፍዎ በፊት የርክክብ መዝገቡን ይክፈቱና ልኬት የጎደለባቸውን ስድስቱን መስመሮች በወረቀት ላይ ያውጡ፤ ቀኑን፣ ጭነቱ የገባበትን ሰዓት፣ የጆንያውን ብዛት፣ በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና ቆሞ እንደነበር ጭምር። በቡና ወቅት ከአጋሮና ከሊሙ ገነት የሚመጡ መኪኖች ጅማ የሚደርሱት አንዳንዴ አመሻሽ ላይ፣ ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ጊዜ ነው። ከስድስቱ አምስቱ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የገቡ ሆነው ቢያገኟቸውስ? በግቢው ያለው የእርጥበት መለኪያ አንድ ብቻ ቢሆን፣ ከየጆንያው ናሙና እስኪወሰድ ሾፌሮች እየጮኹ፣ የቀን ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ለመሄድ ቆመው ቢሆንስ? ያን ጊዜ የያዙት ጉዳይ ሌላ ነው። ሰውየው ከ11 ሰዓት በፊት በገቡት ጭነቶች ላይ ሥራቸውን በትክክል የሚሠሩ፣ በጥድፊያ ሰዓት ግን አንዱን እርምጃ የሚዘሉ ሰው ሆነው ይታያሉ። በተቃራኒው ስድስቱ ባዶ ሳጥኖች በረጋ ጠዋት የተተዉ ቢሆኑ ኢሜይሉ ከዚህ የተለየ ይሆን ነበር። ይህን ቆጠራ ሳያደርጉ መጻፍ መድኃኒቱን ከምርመራው ማስቀደም ነው፤ በእኔ ልምድ አዋራጅ የሆኑት አብዛኞቹ ደብዳቤዎች መዝገቡ ሳይከፈት በንዴት የተጻፉ ናቸው።

ሚዛንን በተመለከተ ብዙ ኃላፊዎች የሚያደርጉት ወቀሳውን በሁለት ምስጋና መካከል መሸጎጥ ነው። «እርስዎ ታታሪ ሠራተኛ ነዎት፤ ግን…» ብሎ መጀመር ማለት ነው። በአማርኛ «ግን» የተባለው ቃል ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል። ሰሚው «ታታሪ» የሚለውን ሲሰማ ገና «ግን» እስኪመጣ መጠበቅ ይጀምራል፤ ሲደጋገምበት ደግሞ ምስጋና በተነገረው ቁጥር ይደነግጣል። በሌላ በኩል ይሉኝታ የያዘው ኃላፊ ነገሩን በአግቦ ይነካውና ያልፋል፤ «አንዳንድ ቅጾች ሳይሞሉ እየቀሩ ነው፣ ሁላችንም እንጠንቀቅ» ብሎ ለሁሉም ይልካል። አግቦ በተለይ በዕድሜ ለገፋ ሰው ከግልጽ ቃል ይልቅ ይከብዳል፤ ለእሱ እንደተነገረ ያውቃል፣ መልስ እንዳይሰጥ ግን ስሙ አልተጠራም።

ስለዚህ ሚዛኑን በጣፋጭ ቃል አይፈልጉት። ጉድለቱን በገለጹበት ዓይነት ዝርዝር ጥሩውንም ይግለጹት፦ መቼ፣ ምን አደረጉ፣ ከዚያ ምን ተገኘ። የተደባለቀውን ጭነት የለዩበት ቀን ለዚህ በጣም ይበቃል። እሱን በራሱ አንቀጽ፣ ከጉድለቱ በኋላ፣ በ«ግን» ሳያያይዙ ያስቀምጡት። ደግሞም ቁጥሩ በራሱ ሚዛን አለው፤ 6ቱን ሲጠቅሱ 35ቱን መጥቀስ ደግነት ሳይሆን ትክክለኛ ሒሳብ ነው።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ብሆን የምልከው ኢሜይል ነው። ቀኖቹ፣ ሰዓቶቹና የጆንያው ብዛት ለማሳያ ያስገባኋቸው ስለሆኑ በመዝገብዎ ይተኳቸው።

«ሰላም ጋሼ፣

ዛሬ ጠዋት የተነጋገርነውን ሁለታችንም እንዳንረሳው በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ።

በጥር ወር ከተረከቧቸው 41 ጭነቶች የ35ቱ የእርጥበት ልኬት በቅጹ ላይ ተመዝግቧል። የቀሩት 6 ጭነቶች ሳጥናቸው ባዶ ነው፤ ጥር 9 ሁለት፣ ጥር 16 ሁለት፣ ጥር 17 አንድ፣ ጥር 24 አንድ። ከስድስቱ አምስቱ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የገቡ ናቸው። ጥር 16 ከገቡት አንዱ፣ 80 ጆንያው፣ ከሳምንት በኋላ ስለካው 13.5 በመቶ ሆነ። አውጥተን ለአራት ቀን እንደገና አስጥተነዋል፤ የሠራተኞቹንም የቀን ሒሳብ ከፍለናል። ልኬቱ በገባበት ሰዓት ታውቆ ቢሆን ጭነቱን ለአቅራቢው መመለስ ወይም በዋጋው ላይ መነጋገር እንችል ነበር።

በዚሁ ወር ጥር 20 ከገባው ጭነት ከታች ያሉት ጆንያዎች ከላይኞቹ የተለየ ቡና እንደያዙ የለዩት እርስዎ ነዎት። ናሙናውን ከላይኛው ረድፍ ብቻ ወስደው ቢሆን ኖሮ የተደባለቀው ከንጹሑ ጋር ይከማች ነበር። ከታችኛው ረድፍም የመውሰድ አሠራርዎን ሌሎቹ ተረካቢዎች እንዲከተሉት እፈልጋለሁ፤ በሚመጣው ሳምንት ቢያሳዩአቸው ደስ ይለኛል።

ከዛሬ ጀምሮ ልኬቱ ያልተሞላለት ጭነት ወደ መጋዘን እንዳይገባ እፈልጋለሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ ሁለት መኪና ከመጣ፣ ልኬቱ እስኪደርሰው ሁለተኛው ጭነት መኪናው ላይ ይቆይ፤ ሾፌሩ ካስቸገረዎት ይደውሉልኝና እኔ አነጋግረዋለሁ። አንድ መለኪያ አይበቃም ያሉትንም ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤ መልሱን እስከ የካቲት 10 እነግርዎታለሁ።

የተሳሳትኩት ወይም የዘለልኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ አስተካክለዋለሁ። የካቲት 30 መዝገቡን አብረን እናየዋለን።»

በዚህ ኢሜይል ውስጥ ስለ ሰውየው ጠባይ የሚናገር አንድም ቅጽል የለም፤ ሆኖም ማንም አንብቦ ጉዳዩ ቀላል ነበር ሊል አይችልም። ሰማንያ ጆንያ ለአራት ቀን መሰጣቱ «ከባድ ጥፋት» ከሚለው ቃል ይልቅ ይከብዳል፤ ቡና የሚያውቅ ሰው ያን እርጥበት የያዘ ቡና ተከማችቶ ቢቆይ ሻጋታ እንደሚያገኘው ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። እዚያ ላይ ማስረዳት እንኳ እንደ ስድብ ሊቆጠር ስለሚችል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ዓረፍተ ነገሮቹን ሲያስተካክሉ ሁለት ነገር እንዳይቀየርብኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው አጠራሩ ነው። በቃል ጋሼ የሚሏቸውን ሰው በኢሜይል በድንገት «አቶ» ካሏቸው ወቀሳው የሚጀምረው ከሰላምታው ነው፤ በ«አንተ» መጻፍ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ሁለተኛው እርስዎ የሚወስዱት ድርሻ ነው። «ይደውሉልኝ» የሚለውና የመለኪያው ጉዳይ ከወጡ፣ ኢሜይሉ በጥድፊያ ሰዓት ከሾፌር ጋር የሚደረገውን ጭቅጭቅ ሁሉ በእሳቸው ትከሻ ላይ ጥሎ የሚሄድ ይሆናል፤ ባዶው ሳጥንም ተመልሶ ይመጣል። ታዲያ ቃል የገቡትን በየካቲት 10 ካላደረጉ ኢሜይሉ ያለው ዋጋ ሁሉ ስለሚቀር፣ ማድረግ የማይችሉትን አይጻፉ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንደሚያሳየው ኢሜይሉ ከንግግር በኋላ የሚላክ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጦፍ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ መዝገቡን ይዘው ያነጋግሯቸው፤ በመጀመሪያም «በእነዚህ ቀናት ምን ተፈጠረ?» ብለው ይጠይቁና ያድምጡ። እርስዎ ከመዝገቡ የማያገኙትን ነገር፣ ለምሳሌ መለኪያው ባትሪ ጨርሶ እንደነበረ፣ የሚሰሙት እዚያ ነው። ሁለታችሁም አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ ከሆነና እሳቸው የሚቀላቸው በእሱ ከሆነ ንግግሩ በእሱ ይሁን፤ ኢሜይሉ በአማርኛ ቢሆንም ዋናው ነገር በጆሮ ስለተሰማ የቢሮ አማርኛ የሚያመጣው ቅዝቃዜ ይቀንሳል። ኢሜይሉን በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ይላኩት። ዓርብ ማታ የተላከ ወቀሳ መልስ ሳያገኝ ቅዳሜንና እሑድን ከሰውየው ጋር ያሳልፋል።

Cc የሚለውን ቦታ ባዶ ያድርጉት። ግልባጭ የተደረገለት ሁሉ ምስክር ነው፤ ሰው በምስክር ፊት ሲወቀስ ራሱን ይከላከላል እንጂ አያርምም። Bcc ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር ስለሌለ ሲታወቅ ከዚያ በኋላ የሚጽፉላቸው ሁሉ አይታመንም። Subject ላይም «ማስጠንቀቂያ» ወይም «የሥራ ጉድለት» ብለው አይጻፉ፤ ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ከጎን ያለው ሰው የሚያነበው እሱን ነው። «የጥር ወር የእርጥበት ምዝገባ» ይበቃል።

ስለ «ማስጠንቀቂያ» ካነሳን አንድ ወሰን ማስቀመጥ አለብኝ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሕጋዊ ክብደት ያለው ነገር ነው፤ ለምሳሌ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ የሥራ ውል ለማቋረጥ ምክንያት የሚሆነው ሠራተኛው ስለዚሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከሆነ ነው። የእርስዎ ረቂቅ በቃናው ማስጠንቀቂያ ይመስላል፤ በይዘቱ ግን የትኛው ጥፋት መቼ እንደተፈጸመ ስለማይናገር ለዚያም አይሆንም። የሥራ አስተያየት ሊሰጡ ከሆነ እንደ አስተያየት ይጻፉት፤ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልግበት ደረጃ ላይ ከተደረሰ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር ተነጋግረው በግልጽ ስሙን ጠርተው፣ ለብቻው ይስጡ። የክብደት መጉደል ወይም ከአቅራቢ ጋር የመመሳጠር ጥርጣሬ ካለም ይህ ዓይነቱ ኢሜይል ቦታው አይደለም፤ ያ የሚጣራ ጉዳይ ነው።

ኢሜይሉ መሥራቱን ከመልሱ ያውቁታል። «ጥር 17 የገባው እኮ ሌሊት ነው» ወይም «መለኪያውን ማን ይይዛል?» ብለው ከጻፉ ሐሳባቸው ሥራው ላይ ነው፤ ቢቆጡ እንኳ ጥሩ ምልክት ነው፤ ያረሙት ቁጥር ትክክል ከሆነም በዚያው ቀን አርመው ይመልሱላቸው። «ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ…» የሚል መልስ ከመጣ ግን ነገሩ ወደ ክብር ዞሯል። በኢሜይል አይመልሱ፤ ሄደው ይቀመጡና የትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳስከፋቸው ይጠይቁ። «እሺ፣ ተቀብያለሁ» ብቻ ካሉ ምንም ማወቅ አይቻልም፤ የሚነግርዎት የሚቀጥለው ሁለት መኪና አንድ ላይ የገባበት ማታ ነው። በዚያ ማታ ስልክዎ ይጮኻል ወይስ አይጮኽም፣ እሱን ይጠብቁ።

የካቲት 30 ሲደርስ መዝገቡን አብረው ይክፈቱና ውጤቱን በሁለት መስመር ይጻፉላቸው። ከ38 ጭነት አንድም ባዶ ሳጥን ካልተገኘ «ጋሼ፣ በየካቲት ከገቡት 38 ጭነቶች የሁሉም ልኬት ተመዝግቧል፤ ከእነዚህ 9ኙ ከ11 ሰዓት በኋላ የገቡ ናቸው» ብለው ይላኩ። ሁለት ባዶ ከተገኘም እንዲሁ ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፉ። ጥፋት ሲኖር ብቻ ኢሜይል የሚላክላቸው ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የእርስዎ ስም ስክሪኑ ላይ ሲታያቸው ደረታቸው ይጠባል።